«ቴን» አስር አይደለም፦ በስልክ የመጣች አንዲት የኖታ ገጽ

ፎቶው በቴሌግራም የደረሰኝ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ። «አቦ ቲቸር፣ ኖታዎቹስ እሺ፣ እነዚህ ቃላት ግን ገደሉኝ!» ይላል።

ላኪው ኪቦርድ የማስተምረው ልጅ ነው። ቀን ቀን እዚህ ድሬዳዋ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ባጃጅ ይነዳል፣ ማታ ማታ ይለማመዳል። ከጀመረ አንድ ዓመት አልሞላውም። ኖታ ግን በቀላሉ ነው የገባው። የት መስመር ላይ የትኛው ድምፅ እንደሚቀመጥ ያውቃል፣ ስንት ምት እንደሚይዝም ያውቃል። ገጿን ያገኘው ከአንድ ጓደኛው ነው። ጓደኛው አሮጌ የመለማመጃ መጽሐፍ በእጁ ገብቶ፣ ከመሃሉ አንዷን ገጽ ፎቶ አንስቶ ሰጠው። አንድ ገጽ፣ 24 ባር። (ባር የምንለው በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለችውን ክፍል ነው።)

ከፎቶው ጋር የራሱን አጨዋወትም ቀርጾ ልኮልኛል። ሰማሁት። ኖታዎቹ ከሞላ ጎደል ልክ ናቸው። ሙዚቃው ግን የለም። ይንፏቀቃል፣ ከዚያ የባሰ ይንፏቀቃል፣ መሃል ላይ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆማል፣ ከዚያ ድንገት ይጮኻል፣ በመጨረሻም ያልጨረሰ በሚመስል ቦታ ላይ ዝም ይላል። እነዚህን አምስት ችግሮች ያመጣቸው ኖታ ሳይሆን ከኖታው ውጭ የተጻፈ ነገር ነው። የነገሩን ሁሉ እዚህ የማሰፍረው፣ ተመሳሳይ ፎቶ በስልኩ ይዞ የተቸገረ ሌላ ጀማሪ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤት መጣ። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ሥራ የለም። በረንዳ ላይ ተቀመጥንና መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ሳይሆን ፎቶውን ማስፋት ነበር። ቃላቱን አንድ በአንድ ከመተርጎማችን በፊት፣ የት እንደተቀመጡ እንዲያይ ጠየቅሁት። ከአምስቱ መስመር በላይ፣ ወፍራምና ቀጥ ባለ ፊደል የተጻፈው ስለ ፍጥነት ነው። በቀኝ እጅና በግራ እጅ መስመሮች መካከል፣ ዘንበል ባለ ፊደል የተጻፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ድምፅ መጠንና ስለ ስሜት ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ የፍጥነት ለውጥ አልፎ አልፎ መሃል ላይም ይጻፋል። ግን ቃሉን ባታውቀው እንኳ የተቀመጠበት ቦታ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይጠቁምሃል።

ልጁ ትንሽ የቄስ ትምህርት ቤት ሽታ አለበት። ስለዚህ ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድኩም። የዜማ መጽሐፍ ላይ ከግእዙ ቃል በላይ የሚቀመጡትን ጥቃቅን ምልክቶች አስታወስኩት፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ሂደት። ከነሱ ጎን የሚጻፉትን ጥቃቅን ፊደላትም። እነዚያ ፊደላት የሚታወቅ የዜማ ሐረግ ምህፃረ ቃል ናቸው፤ ሐረጉን የሚያውቅ ካየ በቂው ነው። የፈረንጁም ገጽ እንደዚያው ነው። ሙሉ ቃሉን የማይጽፈው አንባቢው ያውቀዋል ብሎ ነው። «እህ!» አለ ልጁ፣ «ያኛው እንኳ በእንግሊዝኛ አይምታታም።»

እውነቱን ነው። የሱ ትልቁ ችግር ገጿን በእንግሊዝኛ ማንበቡ ነበር። ቃላቱ ጣልያንኛ ናቸው።

ከላይ እንጀምር። የገጿ አናት ላይ «አንዳንቲኖ» ይላል፤ ከጎኑ ሁለት «ኤም» ፊደላት፣ ከዚያ አንዲት ጥቁር ኖታ፣ የእኩል ምልክት እና 56 ቁጥር። ልጁ ሁለቱን «ኤም» ሚሊሜትር መስለውት ነበር። የሜልዘል ሜትሮኖም ማለት ነው። ሜልዘል እ.ኤ.አ. በ1815 የሜትሮኖም፣ ምት እየመታ ፍጥነት የሚያስጠብቀው መሣሪያ፣ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበ ሰው ሲሆን፣ በድሮ ኅትመቶች ላይ የስሙ መነሻ ፊደል ከቁጥሩ በፊት ይገባል። ዛሬ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ ባይኖርም ለውጥ የለውም።

ቁጥሩ በደቂቃ ስንት ምት እንደሚመታ ይናገራል። ሜትሮኖም ስልኩ ላይ አለው። 56 ላይ አደረገው። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም። ጥፋቱ «56 ምን?» ብሎ አለመጠየቁ ነው።

ገጿ በስድስት በስምንት ምት የተጻፈች ናት። በአንድ ባር ውስጥ ስድስት ትናንሽ ኖታዎች ይገባሉ፤ ጭራቸው ሦስት ሦስት እየሆነ የተያያዘ። ልጁ ስድስት ቆጥሮ፣ ለእያንዳንዷ ትንሽ ኖታ አንድ የሜትሮኖም ምት ሰጣት። ይሄ ነው የሚያንፏቅቀው።

«ሠርግ ላይ ችክችካ ሲመታ ስንት ታጨበጭባለህ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። እጁን ጉልበቱ ላይ መታ መታ አደረገ። «ሁለት» አለ።

አዎ፣ ሁለት። ውስጡ ስድስት ትናንሽ አለ፤ ሰውነት የሚያዳምጠው ግን ሁለቱን ትላልቅ ነው። እያንዳንዱ ትልቅ ምት ሦስት ትናንሽ ይይዛል። የገጿም 56 ትልቁን ምት ነው የሚቆጥረው። ግን ይህ እንዲታወቅ ከእኩል ምልክቱ በፊት ያለችው ኖታ ነጥብ ሊኖራት ይገባል፦

♩. = 56

በፎቶው ላይ ያቺ ነጥብ የለችም። አስፍተን ስናያት ከኖታዋ ራስ በስተቀኝ ግራጫ ነገር አለ፤ ወይ ቆሻሻ ነው ወይ ነጥብ። ነጥብ እንደሆነች በምን አወቅን? ነጥብ የሌላት ጥቁር ኖታ ሁለት ትናንሽ ብቻ ነው የምትይዘው። ስለዚህ ሦስት ሦስት ከተቧደነ ሙዚቃ ጋር አትገጥምም፤ ባሩን ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ትከፍለዋለች። በስድስት በስምንት ምት ላይ ከእኩል ምልክቱ በፊት ነጥብ የሌላት ጥቁር ኖታ ካየህ ወይ ኅትመቱን ወይ ፎቶውን ጠርጥር።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ እዚያው በወረቀት አሰላነው። የመጀመሪያው ክፍል 16 ባር ነው። በእያንዳንዱ ሁለት ትላልቅ ምት፣ በጠቅላላው 32። በደቂቃ 56 ከሆነ 34 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። እሱ እንዳደረገው ትንሿን በ56 ከመታናት ግን 96 ትናንሽ አሉና 103 ሰከንድ ይሆናል። ሦስት እጥፍ! ነጥቧን ረስቶ ጥቁሯን ኖታ በ56 የሚመታ ሰው ደግሞ 51 ሰከንድ ላይ ይደርሳል፤ እሱም ስህተት ነው፣ ግን ለጆሮ ያን ያህል ስለማያስቀይም ስህተትነቱ አይታወቅም። የሚያሳስት ስህተት ያ ነው።

ትላልቁን ምት መከተል ላቃተው ሰው አንድ መላ አለ። ሜትሮኖሙን 168 ላይ አድርጎ ለእያንዳንዷ ትንሽ ኖታ አንድ ምት መስጠት ይችላል፤ 56 በ3 ሲባዛ ያ ነው። ሁለት ቀን እንደዚያ ተለማምዶ ወደ 56 መመለስ ነው።

ስለ «አንዳንቲኖ» ቃሉ ጥቂት ልበል። «አንዳንቴ» ከመሄድ ነው የመጣው፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው። «ኢኖ» ማሳነሻ ናት። ግን ምኑን ነው ያሳነሰችው? ፍጥነቱን ወይስ ዝግታውን? በድሮ ጊዜ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በዚህ አልተስማሙም፤ አንዱ ከአንዳንቴ ቀስ ያለ ሲል ሌላው ትንሽ ፈጠን ያለ ይል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው ፈጠን ያለውን ነው። ለዚህ ነው ቁጥር ሲኖር ቁጥሩን የምከተለው። ቃሉ የሚነግረኝ ጠባዩን ነው፤ ረጋ ያለ፣ የማይጎተት የእግር መንገድ።

ከዚያ ወደ ታች ወረድን። በሁለቱ እጆች መካከል «ፒ» ፊደል፣ ከጎኑ «ዶልቼ»። ፒዋ የፒያኖ መነሻ ናት። እዚህ ላይ የመሣሪያው ስም ሳትሆን ለስለስ ያለ ድምፅ ማለት ናት። ዶልቼ ጣፋጭ ማለት ነው፤ ለተጫዋች «ጣትህን አታክብድ፣ ዜማውን አለስልሰህ አስኪደው» እንደማለት ነው።

እዚህ ጋ ልጁ «ለስለስ አድርጌ ነው የምነካው፣ ግን ድምፁ አይለወጥም» አለኝ። መጀመሪያ አላመንኩትም። ኪቦርዱን ይዞ ስለመጣ አስነካሁት። አንድ ቁልፍ በጣም በቀስታ፣ ያንኑ ቁልፍ በኃይል። ድምፁ አንድ ነው! ርካሽ ኪቦርዶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ቁልፉ መነካቱን እንጂ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ አያውቁም። በዚህ መሣሪያ ላይ ፒ እና ኤፍ ማለትም ለስላሳና ብርቱ በጣት አይወጣም። ልጁን ስንት ሳምንት «ለስለስ አድርግ» ስል እንደኖርኩ ሳስብ አፈርኩ። አንዳንዱ ኪቦርድ ላይ ይህ ችሎታ ኖሮ ተዘግቶ ይሆናል፤ ከማዘዣ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ መክፈት ይቻላል። የሱ ግን ጨርሶ የለውም። የተስማማነው እቤቱ ምቱንና ፍጥነቱን እንዲለማመድ፣ የድምፁን መጠን ግን እኔ ጋ ሲመጣ በኔው መሣሪያ እንዲሠራ ነው።

አሁን ወደ ሰባተኛው ባር። ከመስመሩ በላይ «ፖኮ ሪት.» ይላል። ፖኮ ትንሽ ነው። ሪት. ደግሞ የሪታርዳንዶ ምህፃረ ቃል ነው፤ ቀስ በቀስ መዘግየት። ልጁ ይቺን ያውቃታል፣ ቀነሰ። ችግሩ ከቀነሰ በኋላ አልተመለሰም። በዘጠነኛው ባር ቀርፋፋ፣ በአሥራ ሁለተኛው የባሰ ቀርፋፋ።

እኔ ደግሞ ፎቶውን ሳየው የሆነ ነገር ጎደለኝ። ሪት. ካለ ብዙ ጊዜ ከሱ በኋላ «ኣ ቴምፖ» ይኖራል፤ ወደ ቀድሞው ፍጥነት ተመለስ የሚል። ዘጠነኛው ባር ላይ የለም። ግን የዘጠነኛው ባር ዜማ ከመጀመሪያው ባር ጋር አንድ ነው፤ ያው ሐሳብ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መመለሻ አለመኖሩ ያጠራጥራል። ፎቶው ላይ ልክ ከዘጠነኛው ባር በላይ ጥቁር ጥላ አለ። የፎቶ አንሺው አውራ ጣት!

ጓደኛው ጋ ደወለ፣ ጓደኛው መጽሐፉን ገልጦ አየ። «ኣ ቴምፖ» ተጽፏል። ከአውራ ጣት ሥር ነበር።

ከዚህች ገጽ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል ይህን እወስድ ነበር። የፍጥነትና የድምፅ ቃል ሁሉ መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻም አለው። ቃሉን ስታገኝ ትርጉሙን ብቻ አትፈልግ፤ «ይሄ እስከ የት ነው?» በል። ጣትህን ቃሉ ላይ አድርገህ ወደ ቀኝ ሂድ፣ የሚሽረው ሌላ ቃል እስኪመጣ። ካልመጣ፣ ወይ ገጹ አልጨረሰም ወይ ፎቶው ቆርጦታል። ልጁ በእርሳስ እንዲያደርገው ነገርኩት። ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ቀጭን መስመር አስምሮ እስከሚሻርበት ድረስ ይጎትታታል። ፎቶውን አሳትሞ እንዲህ ሲያሰምር፣ የትኛው ቃል መጨረሻ እንደሌለው ወዲያው ታየ።

አዘገያየቱን ደግሞ በባጃጅ ቋንቋ ተግባባን። «ፖኮ ሪት. ማለት ፍሬን መያዝ አይደለም» አልኩት፤ «ጋዙን ለቅቀህ ባጃጇ ራሷ እንድትቀንስ መተው ነው።» ሰባተኛው ባር ላይ ገና ብዙ አይሰማም። ስምንተኛው ላይ ትናንሾቹን ስድስት በልብህ ቆጥረህ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰፋ ሰፋ አድርግ። ይበቃል። ፍሬን የሚያዘው ሌላ ቃል ነው፤ «ሪቴኑቶ»፣ እዚያው በቦታው ወዲያው ዘግይ የሚል። ችግሩ ሁለቱም በ«ሪት» መጀመራቸው ነው። «ሪቴን.» ብሎ ካሳጠረው ሪቴኑቶ ነው። «ሪት.» ብቻ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሪታርዳንዶ ነው፤ ነጠብጣብ መስመር ከኋላው ከተከተለው ደግሞ ቀስ በቀስ መሆኑ አያጠራጥርም።

አሥራ ሁለተኛው ባር ላይ ልጁ ያን አንድ ድምፅ ይዞ ለምን እንደቆመ ያወቅሁት እዚህ ነው። ከአንዲት ኖታ በላይ «ቴን.» የሚል አለ። ልጁ በእንግሊዝኛ አነበበውና አስር ቆጠረ። አስር! ጠረጴዛውን እየመታ ሲነግረኝ ሳቅ አሸነፈኝ፣ ግን ከሱ ቦታ ሆኜ ሳየው ምክንያታዊ ነው። ሦስት ፊደል ነው፣ የሚያውቀው ቃል ነው፣ ኖታ ላይ ነው የተቀመጠው።

«ቴኑቶ» ማለት የተያዘ ማለት ነው። ኖታዋን ሙሉ ዋጋዋን ስጣት፣ ቶሎ አትልቀቃት፣ ትንሽም ክብደት አሳርፍባት። ከዚያ ቀጥል። የእኛም ይዘት ስሙ ከመያዝ ነው የመጣው፣ በስም ይገናኛሉ፤ አዘማመሩ ግን አንድ ነው ብዬ አላሳስታችሁም። ልጁ ስሙን በማስታወስ ብቻ ተጠቀመበት፣ ይበቃዋል።

አሥራ አራተኛው ባር ላይ ሌላ እንግሊዝኛ መሳይ ነገር መጣ። «ኤም» እና «ጂ»። «ሚሊግራም ነው እንዴ? መድኃኒት ነው?» አለ። እኔም እዚህ ቆምኩ፤ እውነቱን ለመናገር፣ በጣልያንኛ የማውቀው «ኤም» እና «ኤስ»ን ነው፣ ማኖ ሲኒስትራ፣ ግራ እጅ። ጂዋን አላውቃትም።

ጎረቤቴ ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ የባቡሩ ሥራ በፈረንሳይኛ ይሠራ ስለነበር የዚያ ዘመን ሠራተኞች ቋንቋውን ዛሬም አልረሱትም። በአጥር በኩል ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት። «መን ጎሽ» አሉ፣ «ግራ እጅ ነዋ! ምን አስቸገራችሁ?»

ስለዚህ መጽሐፉ በፈረንሳይ ሳይታተም አይቀርም። ቃላቱ ጣልያንኛ ሆነው የእጅ ምልክቱ ፈረንሳይኛ ነው፤ እንዲህ መደባለቅ የተለመደ ነው። «ኤም» እና «ዲ» ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ቋንቋ ቀኝ እጅ ነው፣ ጭንቀት የለም። የሚለያየው ግራው ብቻ ነው። ልጁ ያንን ኖታ ከላይኛው መስመር ላይ ስላየው በቀኝ እጁ ዘልሎ ሊደርስበት ሲታገል ነበር። በግራ እጁ ከቀኙ በላይ ተሻግሮ ሲነካው ዝላዩ ጠፋ፣ ዜማውም አልተቆረጠም። ጋሼ ግን አልሄዱም። ሌላውን ቃል ሁሉ በፈረንሳይኛ ድምፅ እያነበቡ ሊያስረዱን ሞከሩ፣ ግማሹ ሠራ፣ ግማሹ አልሠራም። ቡና ተፈላ።

አሥራ ስድስተኛው ባር መጨረሻ ላይ ሁለት ቋሚ መስመር አለ፤ ከበላዩ «ፊኔ» ተጽፏል። ልጁ «ፋይን» ብሎ ነው ያነበበው። «እዚህ ድረስ ጥሩ ነው እያለኝ መስሎኝ» አለ። ጋሼ በሳቅ ፈረሱ። ፊኔ መጨረሻ ማለት ነው። ግን ገጿ 24 ባር አላት፣ መጨረሻ መሃል ላይ እንዴት ይሆናል? መልሱ ያለው ከታች ከሃያ አራተኛው ባር ሥር ነው፦ «ዲ፣ ሲ፣ አል ፊኔ»። ዳ ካፖ፣ ከራሱ ከአናቱ ጀምር፣ ፊኔ እስከሚለው ድረስ ተጫወት፣ እዚያ አቁም። ልጁ ሃያ አራተኛው ላይ ስላቆመ ነው ያልጨረሰ የመሰለው። ፊኔን መጀመሪያ ስታልፈው ግን ምንም አታድርግ። የለችም ብለህ እለፍ።

ከአሥራ ሰባተኛው ባር የሚጀምረው መሃለኛ ክፍል «ፒዩ ሞሶ» ይላል። ፒዩ ይበልጥ ነው፤ ሞሶ የተንቀሳቀሰ። ይበልጥ ፈጠን በል። ቁጥር አልሰጠም። «ፈጠን በል» ሲባል ከምን? ከዚያ በፊት ከነበረው። እኔ ለጀማሪ ከ56 ወደ 64 ገደማ በቂ ነው ባይ ነኝ። አድማጭ መለወጡን ካወቀ ይበቃል፤ 90 ላይ የሚወጣ ሰው ሌላ ዘፈን ጀመረ። ይህ ቃል እስከ የት ነው? ዳ ካፖ ሲል ወደ አናቱ ስለምትመለስ፣ እዚያ ያለው አንዳንቲኖ ይሽረዋል። ስለዚህ ሲመለስ ወደ 56 ነው የሚመለሰው። ይህ የትም አልተጻፈም፣ ግን ማሰመሪያዋን እርሳስ የተከተለ ያገኘዋል።

እዚያው አሥራ ሰባተኛው ላይ «ኤም፣ ኤፍ» አለ፤ መካከለኛ ብርታት። ቀጥሎ በአሥራ ስምንተኛው «ክሬሽ.»፣ ከኋላው ነጠብጣብ መስመር እስከ ሃያኛው ባር፣ ሃያኛው ላይ «ኤፍ»። ያ ድንገተኛ ጩኸት ከዚህ ነው የመጣው፤ በኔው መሣሪያ ሲነካውም ደገመው። ክሬሽ. ሲያይ ወዲያው ጮኸ። ክሬሼንዶ ማለት እያደገ ማለት ነው። የሚያድግ ነገር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው። ቃሉ ያለበት ቦታ ላይ ገና ኤም ኤፍ ነህ፤ ጩኸቱ ያለው ኤፍ ላይ ነው። ሦስት ባር አለህ፣ በየባሩ ትንሽ ትንሽ ጨምር። እዚያው ከጮህክ ሃያኛው ላይ የምትጨምረው አይኖርህም። የማስተምራቸው ሁሉ ይህን ይስታሉ፣ እኔም ስጀምር ስቻለሁ።

ሃያ ሦስተኛው ላይ ያለው «ራል.» ከሪት. ብዙ አይለይም፤ ዘገየት እያደረገ ወደ ዳ ካፖው ያደርሳል።

ከዚያ ደግመን አሰላን። 16 ባር በ34 ሰከንድ፣ ስምንቱ ባር በ64 ወደ 15 ሰከንድ፣ እንደገና 16 ባር በ34። ጠቅላላው 83 ሰከንድ። መዘግየቶቹ ሲጨመሩበት አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ። ይህን ቁጥር ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፈው። ቀርጾ ሲሰማ ሁለት ደቂቃ ካለፈ የሆነ ቦታ ቃል አምልጦታል ማለት ነው።

ስለ ፎቶው አንድ ነገር ልጨምር። እንደዚህ ዓይነት ገጽ ሲነሳ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፣ ስልኩ ከላይ ቀጥ ብሎ ይያዝ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። አራቱም ጥግ ይታይ፤ በተለይ አናቱ፣ ፍጥነቱ ያለው እዚያ ነውና። ገጹን በጣት ከመያዝ ዳሩ ላይ የሆነ ነገር ማሳረፍ ይሻላል። በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፉት ነጥቦች ናቸው። ጓደኛው እንደ ፋይል በድጋሚ ሲልክልን፣ ያቺ ከ56 በፊት ያለች ነጥብ ጥርት ብላ ወጣች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቅጂ ላከልኝ። 1 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ። ዘጠነኛው ባር ላይ ተመልሷል፣ ግራ እጁ ተሻግሯል፣ ፊኔ ላይ ቆሟል። አሥራ ሁለተኛው ባር ላይ ያቺን ኖታ አሁንም ከሚገባው በላይ ይዟታል። አስር ባይሆንም አራት ይሆናል።